1 ኪሎኸርዝ ሳይን ሞገድ ከአርዱዪኖ፦ በሬዚስተር መሰላል ወይስ በተጣራ ፒደብሊውኤም?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። በአርዱዪኖ ኡኖ 1 ኪሎኸርዝ ንጹህ ሳይን ሞገድ ማውጣት ፈልጌ ነበር። ባለ 256 ቁጥር ሠንጠረዥ ሠርቼ በ analogWrite ፒን 9 ላይ አወጣሁት፤ ከፊቱ 10 ኪሎኦም ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አደረግኩ። በኦሲሎስኮፕ ሳየው ግን የሚንቀጠቀጥ የመጋዝ ጥርስ እንጂ ሳይን አይደለም። ጓደኛዬ ደግሞ ፒደብሊውኤሙን ትተህ በ8 ፒን የሬዚስተር መሰላል ሥራ ይለኛል። ያሉኝ ሬዚስተሮች ባለ 5 ፐርሰንት ናቸው። የቱ ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። ባሉህ ዕቃዎች ለ1 ኪሎኸርዝ የሚሻልህ ፒደብሊውኤሙ ነው። ያበላሸብህ ፒኑ በርቶ የሚጠፋበት የምቱ ፍጥነት ነው፤ እሱ ሳይስተካከል መሰላል መሥራት ጀምረህ ቢሆን ኖሮ አንዱን ችግር በሌላ ትለውጠው ነበር።

ፒን 9 ላይ analogWrite በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚመታው። አንተ ደግሞ በሰከንድ 1000 ዙር የሚሄድ ሞገድ ትፈልጋለህ። አንድ ምት ተጀምሮ እስኪያልቅ ሁለት ሙሉ የሳይን ዙሮች አልፈዋል ማለት ነው። የምቱ ስፋት ሞገዱን መከተል የሚችለው በአንድ ዙር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲመታ ብቻ ስለሆነ፣ ሠንጠረዥህ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ወደ ፒኑ የሚደርሰው ነገር ሳይን አይደለም።

ፊልተርህም ነገሩን አባብሶታል። 10 ኪሎኦምና 100 ናኖፋራድ የመቁረጫ ድግግሞሻቸው 159 ኸርዝ ነው። በዚህ ፊልተር 1000 ኸርዝ ከ6 እጥፍ በላይ ሲዳከም 490 ኸርዙ ግን 3 እጥፍ ገደማ ብቻ ይዳከማል። የምትፈልገውን ከማትፈልገው አብልጦ ይቀንስብሃል። ወንፊት ጤፉን ከገለባው የሚለየው መጠናቸው ሲለያይ ነው፤ እዚህ ገለባው ከእህሉ አንሷል። ስለዚህ የካፓሲተሩን ዋጋ እየቀያየርክ አትድከም፤ መጀመሪያ ምቱን ከሞገዱ አርቀህ ወደ ላይ ውሰደው።

ኡኖ ላይ ያለው አትሜጋ 328 በ16 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ታይመር 2ን ያለ ማካፈያ ከ0 እስከ 255 እንዲቆጥር ብታደርገው አንድ ቆጠራ 16 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ይህም በሰከንድ 62,500 ምት ነው። ከ1 ኪሎኸርዝ ሞገድህ 62 ጊዜ ተኩል ይርቃል። ይህ ርቀት ለተራ ሬዚስተርና ካፓሲተር ፊልተር በቂ ነው። ታይመር 2 የሚወጣው በፒን 11 ስለሆነ ሽቦህን ከ9 ወደ 11 አዙረው። tone() እና በፒን 3 ላይ የሚደረግ analogWrite ይህንኑ ታይመር ስለሚጠቀሙ አብረው አይሄዱም፤ millis() በታይመር 0 ላይ ስለሆነ አይነካም።

ሠንጠረዡን እንዴት እንደሠራኸው አልጻፍክም፤ ቢሆንም ሁለት ቦታ ላይ ደጋግመው የሚሳሳቱ ስላሉ ልንገርህ። የመጀመሪያው የመሐልና የስፋት ቁጥር ነው። በ8 ቢት ከ0 እስከ 255 ብቻ ይጻፋል። መሐሉን 128፣ ስፋቱንም 128 ካደረግክ ጫፉ 256 ይሆናል፤ ያ ቁጥር በአንድ ባይት ውስጥ ሲገባ ተመልሶ 0 ነው። በኦሲሎስኮፕ ላይ የሞገዱ አናት ላይ ወደ ታች የሚወጋ መርፌ ታያለህ፤ እሱን ካየህ ሽቦ አትፈትሽ፣ ሠንጠረዡን ነው የምታየው። ስፋቱን 127 አድርገው፤ ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 255 ይሆናሉ፣ ከመሐሉ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ይዘረጋሉ። ቁጥሩን ስትቆርጠውም ነጥቡን ዝም ብለህ አትጣለው፣ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጋው።

ሁለተኛው የዙሩ መጨረሻ ነው። አንዳንዱ ሰው ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 255 ስለሆኑ ብሎ ማዕዘኑን ለ255 ያካፍላል። ያኔ የመጨረሻው ቁጥርና የሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ቁጥር አንድ ይሆናሉ፤ ሞገዱ መሐሉን በሚያቋርጥበት ቦታ ለአንድ እርምጃ ያህል ይቆማል። ማካፈያው 256 ነው፤ የዙሩ መጨረሻ የሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ ስለሆነ ሠንጠረዡ ውስጥ ሁለት ጊዜ አይገባም። ሩብ ሞገድ ብቻ አስቀምጦ ቀሪውን በማንጸባረቅ ማውጣትም ይቻላል፣ ነገር ግን ኡኖ 2048 ባይት ራም ስላለው 256ቱን ሙሉውን ብታስቀምጥ አይጎዳህም።

አሁን ወደ ድግግሞሹ እንምጣ። ብዙ ጀማሪ ሠንጠረዡን አንድ በአንድ እያነበበ በመሐል delayMicroseconds ይከታል። 256ቱን ቁጥሮች በሰከንድ 1000 ጊዜ ለመጨረስ በየ3.9 ማይክሮ ሰከንዱ አንድ ቁጥር መውጣት አለበት። መዘግየቱ የሚቀበለው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማንበቡና መጻፉ ራሱም ጊዜ ይበላል። በዚያ መንገድ ትክክለኛ 1 ኪሎኸርዝ አታገኝም።

የሚሻለው ፍጥነቱን ለታይመሩ ትቶ፣ በየምቱ ከሠንጠረዡ ምን ያህል መዝለል እንዳለብህ መወሰን ነው። በሰከንድ 62,500 ምት ካለህና 1000 ዙር ከፈለግክ በአንድ ዙር 62.5 ምት ይደርስሃል። ግማሹን ምን ታደርገዋለህ? በሙሉ ቁጥር ብቻ ብትሄድ 62 ስትወስድ 1008 ኸርዝ፣ 63 ስትወስድ 992 ኸርዝ ይወጣልሃል። ስለዚህ ባለ 32 ቢት ቁጥር ያዝና እንደ ሙሉ ዙር ቁጠረው፦ ከ0 ተነሥቶ ሞልቶ ሲፈስ አንድ ዙር ተጠናቀቀ ማለት ነው። በየምቱ አንድ የተወሰነ እርምጃ ትጨምርበታለህ፤ ሠንጠረዡን የምታነበው ግን በላይኞቹ 8 ቢቶች ብቻ ነው። ዙሩ ሲፈስ ትርፉ አይጠፋም፣ ለሚቀጥለው ዙር መነሻ ይሆናል። አንዱ ዙር 62፣ ቀጣዩ 63 ምት እየሆነ አማካዩ 62.5 ላይ የሚያርፈው በዚህ ትርፍ ምክንያት ነው።

የእርምጃው ስሌት ይኸውልህ፦

```
step = f * 2^32 / 62500
1000 * 4294967296 / 62500 = 68719476.7  ->  68719477
```

ለ100 ኸርዝ ከፈለግክ 6871948 ታደርገዋለህ። በወረቀት ላይ ድግግሞሹን ከኸርዝ አንድ ሺኛ በታች ማስተካከል ትችላለህ፤ ግን ኡኖ ላይ ፕሮሰሰሩን የሚያስኬደው የሴራሚክ ሬዞኔተር ነው፣ እሱም ከመቶ ግማሽ ያህል ሊሳሳት ይችላል። 1000 ብለህ 1003 ብታነብ ስሌትህን አትጠራጠር። እውነተኛ ትክክለኛነት የሚያስፈልግህ ከሆነ ባለ ክሪስታል ሰሌዳ ፈልግ።

ሙሉው ፕሮግራም ይህን ያህል ነው፦

```c
uint8_t tbl[256];
volatile uint32_t stepv = 68719477UL;

ISR(TIMER2_OVF_vect) {
  static uint32_t ph = 0;
  ph += stepv;
  OCR2A = tbl[ph >> 24];
}

void setup() {
  for (int i = 0; i < 256; i++)
    tbl[i] = lround(128 + 127 * sin(2 * PI * i / 256));
  pinMode(11, OUTPUT);
  TCCR2A = _BV(COM2A1) | _BV(WGM21) | _BV(WGM20);
  TCCR2B = _BV(CS20);
  TIMSK2 = _BV(TOIE2);
}

void loop() {}
```

ሳይን የሚሰላው መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ኢንተራፕቱ ውስጥ መደመርና ማንበብ እንጂ ሌላ ሥራ የለም። እዚያ ውስጥ sin() ብትጠራ 16 ማይክሮ ሰከንዱ አይበቃም፤ ኢንተራፕቶቹ እየተዘለሉ ድግግሞሹ ሲወርድ ታየዋለህ። ድግግሞሹን ከ loop() ውስጥ መቀየር ከፈለግክ ደግሞ stepv አራት ባይት ስለሆነ ከመጻፍህ በፊት noInterrupts()፣ ከጻፍክ በኋላ interrupts() በል። ያለዚያ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ የሚነበብበት ቅጽበት ይመጣል።

እዚህ ላይ የምቱን ስፋት ስለሚወስነው OCR2A አንድ ማወቅ ያለብህ ነገር አለ፤ ወደ መሰላሉ ስንደርስ ይጠቅመናል። በዚህ የታይመር አሠራር የምትጽፈው ቁጥር ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም፤ ታይመሩ ያዝ አድርጎት ቀጣዩ ቆጠራ ከ0 ሲጀምር ነው የሚወስደው። ስለዚህ ኢንተራፕትህ በሌላ ኢንተራፕት ምክንያት ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ቢዘገይም ምቱ በሰዓቱ ይወጣል። ሰዓቱን የሚጠብቀው ሃርድዌሩ ነው።

ቀጥሎ ፊልተሩ። ምቱ ግማሽ በግማሽ ሲሆን በ62.5 ኪሎኸርዝ ላይ ያለው ዋናው ክፍሉ ከመሐል እስከ ጫፍ 3.2 ቮልት ያህል ነው። የምትፈልገው ሳይን ራሱ 2.5 ቮልት ነው! ስለዚህ ከፒኑ በቀጥታ ስታየው ሳይኑ ጨርሶ አይታይህም፤ ይህ እንዳያስደነግጥህ።

3.3 ኪሎኦምና 10 ናኖፋራድ ብታደርግ መቁረጫው 4.8 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው። 62.5 ኪሎኸርዙ 13 ጊዜ ይቀንሳል፤ ከ3.2 ቮልቱ 0.25 ቮልት ይቀራል። ሳይኑ አሁን ይታያል፣ ግን መስመሩ ወፍራምና ፀጉራም ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨምርበት፦ 33 ኪሎኦምና 1 ናኖፋራድ። መቁረጫው ያው ነው፤ ሬዚስተሩን በ10 አብዝቼ ካፓሲተሩን በ10 የቀነስኩት ሁለተኛው ደረጃ የመጀመሪያውን እንዳይጎትተው ነው። አሁን ምቱ በጠቅላላው 170 ጊዜ ያህል ይቀንሳል፤ የሚቀረው 19 ሚሊቮልት ገደማ ነው። በ5 ቮልት ላይ አንድ የ8 ቢት እርምጃ 19.5 ሚሊቮልት ስለሆነ፣ የቀረው ጩኸት ከሠንጠረዥህ አንድ እርምጃ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በላይ መጨነቅ ለ8 ቢት ሠንጠረዥ ትርፉ ትንሽ ነው።

1 ኪሎኸርዙስ ምን ሆነ? 5 ፐርሰንት ያህል ነው የሚቀንሰው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4.7 ቮልት ታገኛለህ። ሁለቱንም ደረጃ በ3.3 ኪሎኦምና 10 ናኖፋራድ ብትሠራው ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስለሚጭነው ቅነሳው ወደ 12 ፐርሰንት ይወጣል። ይህ ፊልተር ለ1 ኪሎኸርዝ የተመረጠ መሆኑንም አትርሳ። ያንኑ ይዘህ 5 ኪሎኸርዝ ብታወጣበት ሞገዱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። እየተለዋወጠ የሚሄድ ድግግሞሽ ከፈለግክ መቁረጫውን ወደ ላይ ማንሣት አለብህ፤ ያን ያህልም ምቱ ሾልኮ ይገባል። ባለ 5 ፐርሰንት ሬዚስተሮችህ እዚህ ምንም አይጎዱህም፤ መቁረጫው 4.8 ወይም 5 ኪሎኸርዝ መሆኑ የሞገዱን ቅርጽ አያበላሸውም፣ ከፍታውን በጥቂቱ ይቀይረው ይሆናል እንጂ።

ከፊልተሩ በኋላ በቀጥታ ስፒከር አታገናኝ። የፊልተሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 36 ኪሎኦም ነው፤ 8 ኦም ስፒከር ሲጫንበት ከሞገዱ የሚተርፍ ነገር የለም። በመሐል ኦፕአምፕ በባፈርነት አስገባ፤ 8 ኦም ስፒከርን ግን ኦፕአምፑ ብቻውን ስለማይችለው ከእሱ በኋላ የድምፅ ማጉያ ያስፈልግሃል። ኤልኤም 358 በየሱቁ ስለሚገኝ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚይዘው፤ ከ5 ቮልት ስታበላው ግን መውጫው ከ3.5 ቮልት ገደማ በላይ አይወጣምና የሞገዱ አናት ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆንብሃል። ወይ ከ9 ቮልት አብላው፣ ወይ እንደ ኤምሲፒ 6002 ያለ እስከ ምንጩ ጫፍ የሚደርስ ኦፕአምፕ ተጠቀም። የኦሲሎስኮፑን ፕሮብም 10 እጥፍ ላይ አድርገው፤ 1 እጥፍ ላይ ሲሆን የፕሮቡና የኬብሉ ካፓሲታንስ 100 ፒኮፋራድ ገደማ ስለሚሆን በ1 ናኖፋራድህ ላይ አንድ አሥረኛ ይጨምርበታል።

ጓደኛህ ያለህ መሰላልስ? መሰላሉ በራሱ ጥሩ ነገር ነው። ስምንቱ የወደብ ፒኖች እያንዳንዳቸው በ20 ኪሎኦም እግር ወደ መሰላሉ ይገባሉ፤ በእግሮቹ መካከል 10 ኪሎኦም ማያያዣዎች አሉ፤ በዝቅተኛው ቢት ጫፍ አንድ 20 ኪሎኦም ወደ መሬት ይዘጋል። እያንዳንዱ ቢት ከበላዩ ካለው ግማሹን ያህል ብቻ ስለሚያበረክት መውጫው ላይ ቁጥሩ በቀጥታ ቮልት ይሆናል፤ ከሞገዱ ራሱ የሚበልጥ ምት ማጣራት የለብህም። መሰላሉ ራሱ 10 ኪሎኦም ሬዚስታንስ ስላለው መውጫው ላይ 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር ብቻ ብታስቀምጥ ደረጃ ደረጃ የሚለውን ያለሰልሰዋል። ሁሉንም ከ10 ኪሎኦም ብትሠራው፣ 20ውን ሁለት ሁለት በተከታታይ በማያያዝ፣ 25 ሬዚስተር ይበቃሃል።

አሁን 5 ፐርሰንቱን እንመልከት። የሞገድህ መሐል 128 ነው። ከ127 ወደ 128 ስትሄድ ሰባቱ የታች ቢቶች ሁሉ ይጠፉና ትልቁ ቢት ብቻውን ይበራል። ሰባቱ አንድ ላይ የሰጡትን ቮልት ትልቁ ብቻውን በአንድ እርምጃ መብለጥ አለበት። የትልቁ ቢት እግር 20 ኪሎኦም መሆን ሲገባው 5 ፐርሰንት በልጦ 21 ኪሎኦም ቢሆን ምን ይሆናል? ሌላው ሁሉ ፍጹም ትክክል ነው እንበል። ከመውጫው ወደ ኋላ ሲታይ የቀረው መሰላል 20 ኪሎኦም ነው። ስለዚህ፦

```
128:  5 V * 20/(20+21)             = 2.439 V
127:  5 V * 21/(20+21) * 127/128   = 2.541 V
```

ቁጥሩ በአንድ ወደ ላይ ሲወጣ ቮልቱ በ102 ሚሊቮልት ወደ ታች ወረደ። መውጣት የነበረበት 19.5 ሚሊቮልት ነው። በአንድ ሬዚስተር ብቻ አምስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄድክ ማለት ነው። በኦሲሎስኮፕ ላይ ሳይኑ መሐሉን በሚያቋርጥበት ቦታ፣ ሲወጣም ሲወርድም፣ ስንጥቅ ይታይሃል። በ1 ፐርሰንት ስሕተት ያንኑ ብታሰላው 128ቱ ከ127ቱ በ5 ሚሊቮልት ያንሳል፤ ባለ 1 ፐርሰንት ሬዚስተር መግዛት ብቻውንም ዋስትና አይሆንም።

ይህን ስንጥቅ በፊልተር ላጥፋው ካልክ አይሆንልህም። በየዙሩ ሁለቴ ተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚመጣ ስለሆነ ሞገዱ ላይ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ሞገድ እንደመደመር ነው። በ5 ፐርሰንቱ ምሳሌ 3 ኪሎኸርዝ ላይ የሳይኑን 1 ፐርሰንት የሚያህል መዛባት ይፈጥራል። 3 ኪሎኸርዝ ደግሞ ለ1 ኪሎኸርዝ ጎረቤት ነው። ሁለቱን ዘዴዎች የሚለያቸው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የፒደብሊውኤም ቆሻሻ ትልቅ ቢሆንም በ62.5 ኪሎኸርዝ ርቀት ላይ ስለሚቀመጥ ፊልተር ይደርስበታል። የመሰላል ስሕተት ትንሽ ቢመስልም ሞገዱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ ነው ባለ 5 ፐርሰንት ሬዚስተር ይዘህ መሰላሉን አትጀምር የምልህ።

መሰላሉን መሥራትህ ካልቀረ ግን መንገድ አለው። ለመሰላሉ የሚያስፈልገው ሬዚስተሮቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው፤ ሁሉም 10.2 ኪሎኦም ቢሆኑ ምንም አይደለም። ከአንድ ጥቅል ብዙ ሬዚስተር በቴስተር ለካና ተቀራራቢዎቹን ለትልቁ ቢት እግር፣ ለቀጣዩ እግርና በመካከላቸው ላለው ማያያዣ መድብ። ለታችኞቹ ቢቶች የተረፈው ይበቃቸዋል፤ የዝቅተኛው ቢት እግር 5 ፐርሰንት ቢሳሳት መውጫው ላይ ማንም አያየውም። መሰላሉን በ1 ኪሎኦምና በ2 ኪሎኦም አትሥራው። የፒኑ የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ከ25 እስከ 30 ኦም ይሆናል፤ በ2 ኪሎኦም እግር ላይ ከ1 ፐርሰንት በላይ ስሕተት ሆኖ ይገባብሃል፣ በ20 ኪሎኦም ላይ ግን እዚህ ግባ አይባልም።

ከሠራኸው በኋላ ሞገድ ከማውጣትህ በፊት በቴስተር ፈትሸው። ከፒን 0 እስከ 7 ያሉትን በሚይዘው PORTD ላይ 127 ጽፈህ የዲሲ ቮልቱን ለካ፤ ከዚያ 128 ጽፈህ ለካ። 128ቱ በ20 ሚሊቮልት ገደማ መብለጥ አለበት። ከወረደ የትልቁ ቢት እግር በዝቷል፤ ከ20 በብዙ ከዘለለ አንሷል። ቀጥሎ 63ን ከ64፣ 191ን ከ192 ጋር አነጻጽር፤ እነዚህ ሁለተኛውን ቢት ይመረምሩልሃል። ይህ ፈተና ኦሲሎስኮፕ አይፈልግም፣ የትኛውን ሬዚስተር መለወጥ እንዳለብህም በቀጥታ ይነግርሃል።

ፕሮግራሙ ላይ OCR2A የነበረውን PORTD ታደርገዋለህ፤ setup ውስጥ DDRD = 255 ትላለህ፤ መሰላሉ ከፒን 0 እስከ 7 ይያያዛል፣ ትልቁ ቢት ፒን 7 ነው። ስምንቱን ፒኖች በየተራ በ digitalWrite አትጻፋቸው። ከ127 ወደ 128 በየተራ ስትሻገር ለጥቂት ማይክሮ ሰከንዶች 255 ወይም 0 የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መሐሉ ላይ ረጅም እሾህ ሆኖ ይታይሃል። PORTD ላይ አንድ ጊዜ ስትጽፍ ስምንቱም አብረው ይቀየራሉ። ፒን 0 እና 1 የሲሪያል መስመር ስለሆኑ Serial.begin() ከጠራህ ሁለቱ የታች ቢቶች ከመሰላሉ ይወጣሉ።

ከላይ ያቆየሁት የሰዓት ጉዳይ እዚህ ይመጣል። PORTD እንደ OCR2A ቁጥሩን ይዞ ሰዓቱን አይጠብቅም፤ በጻፍክበት ቅጽበት ይለወጣል። የ millis() ኢንተራፕት በየ1.024 ሚሊ ሰከንዱ ጣልቃ ሲገባ ያንተ ጽሑፍ በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ይዘገይና ያቺ ደረጃ ትረዝማለች። 1.024 ሚሊ ሰከንድና 1 ሚሊ ሰከንድ በጣም ስለሚቀራረቡ፣ በኦሲሎስኮፑ ላይ በሞገዱ ጀርባ የሚሳብ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ይታያል። TIMSK0 = 0 ብትል ይጠፋል፤ በለውጡ millis() እና delay() አይሠሩልህም።

መሰላሉ ያለ ጥርጥር የሚያሸንፍበት ቦታም አለ። በፒደብሊውኤም የቢት ብዛትና የምት ፍጥነት የተጣበቁ ናቸው፦ በ16 ሜጋኸርዝ 8 ቢት ስትል 62.5 ኪሎኸርዝ፣ 10 ቢት ስትል ወደ 15.6 ኪሎኸርዝ ትወርዳለህ። ስለዚህ 10 ወይም 20 ኪሎኸርዝ ሞገድ ብትፈልግ ምቱ ሞገዱ አጠገብ መጥቶ ይቆማል፤ ፊልተሩ መለየት አይችልም፣ ወደ መጀመሪያው ችግርህ ተመለስክ። መሰላሉ ይህ ማሰሪያ የለበትም፤ ፕሮሰሰሩ መጻፍ በቻለው ፍጥነት ይሄዳል፤ ኢንተራፕቱን ትተህ በተጠበበ ዙር ብትጽፍበት በሰከንድ ከመቶ ሺህ በላይ ቁጥር ያወጣል። ስለታም ጠርዝ ያለው ሌላ ቅርጽ ማውጣት ስትፈልግም እንዲሁ ነው።

ፒደብሊውኤሙን ሠርተህ ስትጨርስ በቴስተር እንዲህ አረጋግጥ። ብዙ ርካሽ ቴስተሮች 1 ኪሎኸርዝ ላይ በትክክል ስለማይለኩ እርምጃውን ለ100 ኸርዝ ቀይረው። በዲሲ 2.5 ቮልት ገደማ፣ በኤሲ 1.75 ቮልት ገደማ ማንበብ አለብህ፤ ኤሲው በጥቂት ፐርሰንት ቢያንስ ቴስተሩ ፊልተሩን ስለሚጭነው ነው። ዲሲው 2.5 ሆኖ ኤሲው ወደ 0 ከቀረበ ምቱ እየወጣ ከሠንጠረዡ አንዱ ቦታ ላይ ቆሟል፤ stepv የሚለውን መስመር ተመልከት። ዲሲውም ወደ 0 ከቀረበ ሽቦው ፒን 11 ላይ መሆኑንና TIMSK2 የሚለው መስመር መኖሩን እይ። ሁለቱም በተመሳሳይ መጠን ካነሱ የዩኤስቢው 5 ቮልት ራሱ ወርዷል፤ በሁለቱም ዘዴ የሞገዱ ከፍታ የሚለካው በምንጩ ቮልት ስለሆነ ሰሌዳው ላይ ሰርቮ ወይም ብዙ ኤልኢዲ ካለ መጀመሪያ እነሱን ንቀላቸውና ድጋሚ ለካ።